ጥቆማ፦ ጅማ ውስጥ ለልጅ አስም የትኛው ፓፍ፣ የትኛው ስፔሰር፣ ቁመትስ የት ይለካ?

እናት ከቆጪ
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ 21 ኪሎ ትመዝናለች፣ አስም አለባት። ሐኪሙ ባለ 100 ማይክሮግራም የቤክሎሜታዞን ፓፍ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ እንድትስብ አዟል። ጎረቤቶቼ «ስቴሮይድ ነው፣ ታጥርብሻለች» ስላሉኝ የምሰጣት ሲብስባት ብቻ ነው። ክረምት ሲገባ ይጸናባታል፤ ያኔ ፋርማሲ ፕሬድኒሶሎን ኪኒን ይሰጡኛል። ከሰኔ እስከ መስከረም አራት ጊዜ ወስዳለች። መስከረም ላይ ቁመቷ 118 ሳንቲሜትር ነበር፣ አሁን መጋቢት ላይ 119 ብቻ ሆነ። ቁመት የማይነካ መድኃኒት የት ይገኛል? የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ።

ፋርማሲስት፣ መርካቶ
እህቴ፣ ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው፣ ግን ቁመት ላይ የሚያደርሱት እኩል አይደለም። አንቺ ደግሞ ቀላሉን ፈርተሽ ከባዱን እየደጋገምሽ ነው።

ፓፉ ቁመት አይነካም ብዬ አላታልልሽም፤ ይነካል። በአነስተኛና በመካከለኛ መጠን በየቀኑ የሚስቡ ልጆች በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ወደ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ወደኋላ ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ግን ልዩነቱ በየዓመቱ እየተደመረ አይሄድም። በአሜሪካና በካናዳ ከአንድ ሺህ በላይ ልጆችን የተከታተለው ካምፕ የተባለው ጥናት የልጆቹን የአዋቂነት ቁመት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጣ፣ ቡዴሶናይድ የተባለ ሌላ የሚሳብ ስቴሮይድ በቀን 400 ማይክሮግራም ለዓመታት የሳቡት ካልሳቡት በአማካይ 1.2 ሳንቲሜትር አጥረው ተገኝተዋል። የልጅሽ መጠን በቀን 200 ነው። ለዕድሜዋ አነስተኛ ከሚባለው ክልል አይወጣም።

ኪኒኑ ግን በደም ገብቶ መላ ሰውነት ይደርሳል። አጥንት የሚረዝምበትን ጫፍ ያዘገያል፣ የእድገት ሆርሞንንም ያዳክማል። አንድ ዙር ለአምስት ቀን ሲሰጥ እድገቱ ለጥቂት ጊዜ ቀነስ ብሎ ይመለሳል። በዓመት አራትና ከዚያ በላይ ዙር ሲደጋገም ነው ቁመትም አጥንትም የሚያሳስበው። ያ ሁሉ ዙር ያስፈለገው ደግሞ ፓፉ በየቀኑ ስላልተሳበ ይመስለኛል። ቤክሎሜታዞን ሲብስ ብቻ የሚሳብ መድኃኒት አይደለም፤ የሳንባውን ቁጣ የሚያበርደው በየቀኑ ሲወሰድ፣ ያውም ከሳምንታት በኋላ ነው። ማፈኑን ቶሎ የሚለቀው ሳልቡታሞል፣ ብዙዎቻችን ቬንቶሊን የምንለው፣ ሌላ ነው። የሁለቱ ዕቃ መልኩ ስለሚመሳሰል በቀለሙ አትተማመኚ፣ ስሙን አንብቢ።

የሂርማታ ልጅ
እስቲ በሒሳብ እንየው። ፓፉ በቀን 200 ማይክሮግራም ከሆነ፣ በ365 ቀን 73 ሚሊግራም ይሆናል። ኪኒኑ ለ21 ኪሎ ልጅ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ማለት ባለ 5 አራት ፍሬ ነው፤ በአምስት ቀን 100 ሚሊግራም። አንድ ዙር ኪኒን ከዓመት ሙሉ ፓፍ ይበልጣል ማለት ነው! ስለዚህ ፓፉ ምንም አያደርግም፣ ዝም ብለሽ ስጫት። ኪኒኑን ደግሞ በአንዴ እንዳታቆሚ፣ ፍሬ በፍሬ እየቀነስሽ ነው።

ፋርማሲስት፣ መርካቶ
ወንድሜ፣ ስሌቱ ልክ ነው፣ ሁለቱ መደምደሚያዎች ግን አይያዙም። የአንዱ ሚሊግራም ከሌላው ሚሊግራም ጋር በጉልበት እኩል አይደለም፤ ቤክሎሜታዞን በጣም በጥቂቱ ብዙ ይሠራል። ስለዚህ 73 ከ100 ያንሳል ብሎ ማለፍ አይቻልም። ኪኒኑ ይበልጥ እንደሚከብድ የምናውቀው ልጆች ተለክተው ስለታየ ነው።

በአንዴ ማቆምን በተመለከተ፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ለተሰጠ ዙር እየቀነሱ መውረድ አያስፈልግም። እንዲያውም «እየቀነስሽ» ሲባል አምስቱ ቀን አስራ አምስት ይሆንና ልጅቷ ያለ ጥቅም ተጨማሪ ትወስዳለች። ቀስ ብሎ መውረድ የሚያስፈልገው ለሳምንታት የወሰደ ልጅ ነው፤ ሰውነቱ የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ስላቆመ በድንገት ሲቋረጥበት ያስታውከዋል፣ ይደክማል፣ ስኳሩም ሊወርድ ይችላል። ዙሮቹ ተቀራርበው የተደጋገሙበት ልጅም ይህ ስለሚያሰጋው፣ እህቴ፣ የአራቱን ዙር ነገር ለሐኪሙ ሳትነግሪ አትቅሪ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከባድ ማፈን ሲመጣ፣ ጎድኗ ወደ ውስጥ እየተሳበ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ እስኪያቅታት ድረስ ስትደርስ፣ ለቁመት ተብሎ ኪኒን አይከለከልም። ሳልቡታሞሉን እየሰጣችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ወይም ወደ ሸነን ጊቤ፣ የሚቀርባችሁ ጋ ሩጡ።

ነርስ ከመንደራ
ስለ መድኃኒቱ ተብሏል፤ እኔ ልኬቱን ልያዘው። በስድስት ወር 1 ሳንቲሜትር ማለት በዓመት 2 ነው። በሰባት ዓመት ልጅ የሚጠበቀው 5 ወይም 6 ስለሆነ፣ እውነት ከሆነ ያስደነግጣል። መጀመሪያ ግን ልኬቱ እውነት ነው ወይ? መስከረም ላይ ስትለካ ፀጉሯ ተሠርቶ ነበር? ስንት ሰዓት ላይ? ጫማስ?

እናት ከቆጪ
መስከረም ላይ ለዘመን መለወጫ ሹሩባ ተሠርታ ነበር፣ ወፍራም ነው፣ ጠዋት ነው የተለካችው። አሁን ፀጉሯ ተፈቶ ነው፣ ከትምህርት ቤት መልስ። ጫማ ሁለቱንም ጊዜ አላደረገችም።

ነርስ ከመንደራ
ተገኘ። አናት ላይ የተጎነጎነ ሹሩባ መለኪያው ከሥሩ ያለውን ራስ ቅል እንዳይነካ ያደርጋል፤ አንድ ሳንቲሜትርም ከዚያ በላይም ይጨምራል። ሰው ደግሞ ጠዋት ከማታ ይረዝማል፣ ቀን ሲቆም ሲሄድ የአከርካሪው ዲስክ ስለሚታመቅ እስከ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ይወርዳል። ሁለቱም ስህተት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሄደው፤ የመስከረሙን አስረዘመ፣ የመጋቢቱን አሳጠረ። የመስከረሙ ትክክለኛ ቁመቷ 117 ወይም ከዚያ በታች፣ የአሁኑ ደግሞ 119 ተኩል ሊሆን ይችላል። ይህ ከሆነ እድገቷ ከሚጠበቀው ብዙ አልራቀም። ግን ይህ ግምት ነው፤ የድሮውን ቁጥር አሁን ማስተካከል አይቻልም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሪ። ግድግዳ ላይ የተሰካ መለኪያ ያለው የሕፃናት ክፍል ምረጪ። ሚዛኑ ላይ የቆመው ተስቦ የሚወጣ ዘንግ ይወዛወዛል፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጤና ጣቢያ ያለው የእንጨት ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ ለትንንሾቹ የምግብ እጥረት ልየታ የተዘጋጀ ስለሆነ ለእሷ ያጥር እንደሆን እዩት። ፀጉሯ ይፈታ፣ ተረከዟ፣ መቀመጫዋና ትከሻዋ ግድግዳውን ይንካ፣ ዓይኗ ቀጥታ ፊት ለፊት ይይ። ሦስት ጊዜ ይለኳት፣ በየመሀሉ ከሰሌዳው ትውረድና እንደገና ትቁም፤ አማካዩን ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ጻፊው። ከዚያ በየስድስት ወሩ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት። በየወሩ መለካት ግን የልኬቱን ስህተት እንጂ እድገቷን አያሳይሽም። እስከሚቀጥለው መጋቢት በዓመት ከ4 ሳንቲሜትር በታች ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ይያት፤ ምክንያቱ ስቴሮይድ ብቻ አይደለምና የታይሮይድም የምግብም ነገር ይታያል። ቁጥጥር ያጣ አስም ራሱም ልጅን ያሳጥራል።

አባት ከጅረን
እኔ የኩላሊት ታማሚ ልጅ አለኝ፣ ሰውነቱ አብጦ ፕሬድኒሶሎን በየቀኑ ለሳምንታት ታዞለታል። እኔም ወደ ፓፍ ልቀይርለት ማለት ነው?

ፋርማሲስት፣ መርካቶ
የለም ወንድሜ! እንዳታደርገው። የሚሳበው ለሳንባ ብቻ ነው፣ ለኩላሊቱ ምንም አይሠራም። የእሱ ሕመም ኪኒኑን ይፈልጋል፣ መቋረጡም አደገኛ ነው። ለቁመቱ ሐኪሙን መጠየቅ ያለብህ ወደ አንድ ቀን መስጠት አንድ ቀን መዝለል መቼ እንደሚዞር ነው፤ እንደዚያ ሲሰጥ እድገቱን ይበልጥ ያተርፍለታል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ፣ ስለ ስፔሰር፤ በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባው ባዶ ዕቃ ማለት ነው። ቤክሎሜታዞን ያለ ስፔሰር ሲሳብ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ያርፍና ይዋጣል። ቡዴሶናይድና ፍሉቲካሶን የተባሉት ሌሎች የሚሳቡ ስቴሮይዶች ሲዋጡ ጉበት አብዛኛውን ያጠፋቸዋል፤ ቤክሎሜታዞን ግን ከተዋጠው ይበልጥ ወደ ደም ያልፋል። ስለዚህ ለእናንተ መድኃኒት ስፔሰርና አፍ መጉመጥመጥ ቁመትን የሚጠብቁ ነገሮች ናቸው። የተሠራ ስፔሰር ካጣሽ ግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይበቃል። በጋለ ሽቦ ከሥሩ በኩል በፓፉ አፍ ልክ ብሺው፣ ፓፉ ጥብቅ ብሎ ይግባ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ዝጊው። ልጅቷ በጠርሙሱ አንገት ከንፈሯን ገጥማ ትስባለች። አዲስ ፕላስቲክ መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ስለሚይዘው በሳሙና ውሃ እጠቢውና ሳታለቀልቂ፣ ሳትወለውዪ በራሱ ይድረቅ። ፓፉን ናጪ፣ አንድ ብቻ ንፊ፣ አምስት ስድስት ጊዜ በእርጋታ ትተንፍስ። ሁለት ፓፍ በአንዴ ጠርሙስ ውስጥ መንፋት መድኃኒት ማባከን ነው። ከዚያ ተጉመጥምጣ ትትፋ።

ቤክሎሜታዞን ጠፍቶ ሌላ ቢሰጡሽ ቁጥሩን በቁጥር አትተኪ፤ ፍሉቲካሶን በግማሽ መጠን ያንኑ ያህል ይሠራል። ዱቄት ሆኖ የሚሳበው ደግሞ በስፔሰር አይሰጥም።

የሂርማታ ልጅ
እሺ፣ ታረምኩ። ግን አንድ ጥያቄ፦ የቀረው ሳንቲሜትር በጉርምስና አይመለስም?

ፋርማሲስት፣ መርካቶ
እዚህ ላይ ጥናቶቹ አይስማሙም። በዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው፣ ቡዴሶናይድ ለዓመታት የሳቡ ልጆች ከወላጆቻቸው ቁመት የሚጠበቅባቸውን ያህል ረዝመው እንደተገኙ ይናገራል። ካምፕ ደግሞ 1.2 ሳንቲሜትሩ አልተመለሰም ይላል። እኔ ወደ ካምፑ አዘነብላለሁ፤ ልጆቹ በዕጣ ተከፋፍለው ነው መድኃኒቱን የጀመሩት።

ነርስ ከመንደራ
እኔ በዚህ አልስማማም ባልልም፣ ለእናቲቱ የሚጠቅማት ሌላ ነው። አስሙ ሦስት ወር ጸጥ ካለ ሐኪሙ መጠኑን እንዲቀንስላት ጠይቂ። ክረምቱ መግቢያ ላይ ግን አይቀነስም።

እናት ከቆጪ
ተባረኩ። የሁለት ዓመት ወንድሟም ያፍነዋል፣ ለእሱም ጠርሙሱ ይሆናል?

ፋርማሲስት፣ መርካቶ
ለእሱ አይሆንም፤ ጠርሙስ አንገት ላይ ከንፈር ገጥሞ መሳብ አይችልም። ጭንብል ያለው ስፔሰር ፈልጊ፣ አፍና አፍንጫውን በደንብ ይግጠም፤ እያለቀሰ ከሆነ አይገባለትም፣ ሲረጋጋ ስጪው። ከጨረሰ በኋላ ፊቱን እጠቢው። ሳይመረመር ግን የእህቱን ፓፍ አትስጪው።