ዕቁብ ደረሰኝ፤ ብድሩን ልክፈልበት ወይስ ላስቀምጠው?

ጥያቄው፣ ከባለባጃጁ፦
«አዳማ ነው የምሠራው። ለባጃጅ ከአንድ የብድር ተቋም ተበድሬ ዋናው 120,000 ብር ቀርቶኛል። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው፤ የሚቀረኝ 24 ወር፣ በወር ወደ 5,990 ብር። አሁን የ80,000 ብር ዕቁብ ወጣልኝ። ሌላ ያስቀመጥኩት የለኝም። ሙሉውን ብድሩ ላይ ልጣለው ወይስ ለክፉ ቀን ልያዘው?»

ሌንሳ፦
ምን ያወላውላል? ክፈልና ተገላገል። ሊብሬህ እነሱ እጅ ነው፤ ልሽጥ ብትል እንኳ አትችልም። 18 በመቶ እየከፈልክ ባንክ 7 በመቶ ሊሰጥህ ብር ታስቀምጣለህ? ለክፉ ቀን ዕድር አለ፣ ዘመድ አለ።

ጋራዥ ሰፈር፦
ሌንሳ፣ ዕድር ድንኳን ይተክላል እንጂ ሞተር አያሠራም። እኔ ፍራንኮ አካባቢ ባጃጅ እጠግናለሁ። የማየው ይሄ ነው፦ ሰውዬው ሰማያዊ ጭስ እያወጣ ይመጣል። ዘይት እየበላ ነው፣ ቀለበቱን እንቀይር እለዋለሁ። «የወር ክፍያዬን ልጨርስና» ብሎ ይሄዳል። በየቀኑ ዘይት እየጨመረ ይነዳል፣ አንድ ቀን መጨመር ይረሳል፤ ያኔ ፒስተኑም ሲሊንደሩም አብረው ይሄዳሉ። በትንሽ ብር የሚያልቀው ሥራ ሙሉ ሞተር ማውረድ ይሆናል። ባጃጁ ግቢዬ ቆሞ ገቢ የለም፣ የወሩ ክፍያ ግን ይመጣል። እንደኔ አንድ ብር አትክፈል፣ ያዝ።

የቀድሞ ብድር ክፍል፦
ሁለታችሁም ጫፍ ይዛችኋል። ብዙ ዓመት ብድር ላይ ስለሠራሁ ሂሳቡን ልሥራው።

ሰሌዳውን ተከትለህ ብትከፍል በ24 ወር የምትከፍለው ወለድ 23,800 ብር ገደማ ነው። 80,000ውን በሙሉ ዛሬ ብታስገባና ወርሃዊውን እንደነበረው ብትቀጥል በ7 ወር አካባቢ ትጨርሳለህ፤ ወለዱ ወደ 2,500 ይወርዳል። አሁን 50,000 አስገብተህ 30,000 ብትይዝስ? ወደ 13 ወር ይወስድብሃል፣ ወለዱም 7,500 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 30,000ውን መያዝ የሚያስወጣህ የ5,000 ብር ተጨማሪ ወለድ ነው። በቁጠባ ደብተር የሚወልደውን ሁለት ሺህ ምናምን ብር ስትቀንስለት ደግሞ ወደ 2,800 ብር ይቀራል። ጥያቄው ይኸው ነው፦ ዓመቱን ሙሉ 30,000 ብር ከጎንህ እንዲቆም 2,800 ብር ትከፍላለህ ወይ? ለእኔ ርካሽ ነው። ብድሩ ላይ የጣልከውን ብር ነገ ልጄ ታመመ ብለህ መልሱልኝ ብትል አይመለስም። አዲስ ብድር ጠይቅ ነው የሚሉህ፤ አዲስ ዋስ፣ አዲስ ወረፋ።

ሌላው፣ 50,000 ከፈልኩ ማለት ብቻውን አይበቃም። ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ዝም ብለህ ብታስገባ የሚቀጥሉት ወራት ቅድሚያ ክፍያ ተደርጎ ሊያዝ ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ወለዱ ንቅንቅ አይልም። «ከዋናው ገንዘብ ላይ ይቀነስልኝ» ብለህ በጽሑፍ አመልክት፣ አዲስ የክፍያ ሰሌዳ ተቀበል፣ ቀሪው ዋና በትክክል በ50,000 መቀነሱን በዓይንህ አይተህ ውጣ። ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለውም ውሉን አንብብ።

ሳሚ፦
ጋሼ፣ የዋጋ ንረቱን ረሱት። የዛሬ ዓመት 5,990 ብር ምን ይገዛል? ዕዳ በንረት ጊዜ ይቀልላል። እኔ ብሆን ምንም አልከፍልም፣ ብሩን አስቀምጠዋለሁ።

የቀድሞ ብድር ክፍል፦
ሳሚ፣ ግማሹ ልክ ነው፣ ዕዳው ይቀልላል። ግን ያስቀመጥከው ብርም አብሮ ይቀልላል፣ ያውም ከዕዳው ባነሰ ወለድ። ንረትን ማምለጥ የምትፈልግ ከሆነ ዕቃ ነው የምትገዛው፤ ዕቃ ደግሞ ሌሊት ሆስፒታል በር ላይ አይመነዘርም።

ከድር፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያውኑ ወለድ ውስጥ መግባት አልነበረብህም። ከወለድ ነፃ መስኮት ያላቸው ባንኮች አሉ፣ እዚያ ሂድ።

ሌንሳ፦
ከድር፣ እሱ እኮ ተበድሮ ጨርሷል፤ የጠየቀው ስለ መክፈሉ ነው።

ከድር፦
ለሚቀጥለው እንዲያስብበት ነው ያልኩት። ዛሬ ሙሉውን ይክፈልና ከወለድ ይውጣ፣ ያው የሌንሳን ነው የምለው።

ጋራዥ ሰፈር፦
የጋሼ ሂሳብ ጥሩ ነው ግን 18 በመቶው በቀሪው ላይ እንደሚታሰብ ምን አሳወቀን? የኔ ብድር ወለዱ ከመጀመሪያው በተበደርኩት ሙሉ ገንዘብ ላይ ነበር። ቀድሜ ልዝጋ ብል የቀረውን ወለድ ሁሉ ክፈል አሉኝ፤ ምንም አላተረፍኩም።

የቀድሞ ብድር ክፍል፦
ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ባለባጃጁ፣ የክፍያ ሰሌዳህን አውጣና የወለዱን ዓምድ ተመልከት። ከወር ወር እያነሰ የሚሄድ ከሆነ በቀሪው ላይ ነው። ሁሉም ወር እኩል ከሆነ የእኔ ሂሳብ አይሠራም፤ ወለድ ካልተነሳልህ በቀር ቀድመህ ለመክፈል ምክንያት የለህም።

ባለባጃጁ፦
አሁን አየሁት። ባለፈው ወር 1,862፣ በዚህ ወር 1,800 ይላል። እያነሰ ነው።

ወይዘሮ ሱቅ፦
ልጄ፣ ሁላችሁም ብድሩን ትቆጥራላችሁ፤ ዕቁቡን የጠየቀ የለም። ስንተኛው ዕጣ ነው የወጣልህ? ስንት ሳምንት ይቀርሃል?

ባለባጃጁ፦
እትዬ፣ በሳምንት 2,000 ነው፣ 40 ሰው ነን። 15ኛው ዕጣ ነው።

ወይዘሮ ሱቅ፦
ታዲያ 25 ሳምንት ገና ትጥላለህ፤ 50,000 ብር ማለት እኮ ነው! ያንተ የሆነው እስካሁን የጣልከው 30,000 ነው፣ የቀረው የጓደኞችህ ነው። ወለድ የለውም እንጂ እሱም ዕዳ ነው። እኔ ዕቁብ ዳኛ ነኝ፤ ዕጣ በልቶ መጣል ሲያቅተው ዋሱ ቤት የምንሄደው እኛ ነን። የብድር ተቋሙ ቅጣት ጽፎ ይጠብቅሃል፣ ሰፈር ግን አይጠብቅም።

የቀድሞ ብድር ክፍል፦
እትዬ ልክ ነዎት፣ ይሄ ሂሳቤን ይለውጠዋል። ዕቁቡ በወር ወደ 8,600 ይመጣል። ከብድሩ ጋር ሲደመር ገና ለቤትህ እንጀራ ሳትገዛ 14,600 ብር ይወጣብሃል። ያልኩህ 30,000 ባጃጁ ቢቆም የሁለት ወር ግዴታ ብቻ ነው፣ የጥገናው ሳይቆጠር። እኔ ብሆን አሁን 30,000 ከዋናው አስቀንሼ 50,000 እይዝ ነበር። ዕቁቡ ሲያልቅ ከተረፈው ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ትከፍላለህ።

ሌንሳ፦
50,000 ብር እጁ ላይ ሆኖ አይነካውም ብላችሁ ታምናላችሁ? ሰርግ ይመጣል፣ ስልክ ይቀየራል። ብድሩ ላይ ከተጣለ ቢያንስ አይበላም።

ጋራዥ ሰፈር፦
እሱንማ ካርድ በሌለው ደብተር፣ በሚስቱ ስም ያድርገው።

ሌንሳ፦
ሚስቱ ወንድም የላትም እንዴ? 😄

ባለባጃጁ፦
ሁለት አላት። ለማንኛውም ሰኞ ሄጄ ከዋናው መቀነስ ይቻል እንደሆነ፣ ከስንት ብር ጀምሮ እንደሆነ እጠይቃለሁ። 30,000 ይሁን 50,000 ግን ከባለቤቴ ጋር ገና አልተስማማንም፤ እሷ ከሌንሳ ጋር ናት።