ለቅዳሜው የዙም ስብሰባ ያዘጋጀሁት ደንብ፣ እስቲ እዩልኝ

የጣና ዳር (ባህር ዳር)
ሰላም ወገኖች። ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ላልሰማችሁት፣ አውሮፓ ጥገኝነት የጠየቀች አንዲት እህታችን ኢንተርቪው ላይ ምን እንደጠየቋት እያለቀሰች ነገረችን፣ እኛም አጽናናናት፣ በሁለተኛው ቀን እናቷ ከሽምብጥ ድረስ ስልካቸውን በነጠላ ጠቅልለው እኔ ቤት መጡ። ቴሌግራም ላይ የልጃቸው ድምጽ ነበር፣ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። "ልጄን ማን ነው እንዲህ የሚያደርጋት?" አሉኝ፣ እኔ መልስ አልነበረኝም፣ ሊንኩን የላክሁት እኔ ነኝና።

ስለዚህ ይሄን አስቤያለሁ። ሦስት አወያይ ይኑር፣ አንዱ በሩን ይያዝ፣ ማለት Waiting Room ላይ ማን እንደሚገባ የሚያይ፣ አንዱ ያወያይ፣ አንዱ ቻቱን ይከታተል። ሪከርድ ማድረግ ክልክል። የሰው ኬዝ ከስብሰባው ውጪ ማውራት ክልክል። በብሄር፣ በሃይማኖት መሳደብ ክልክል። የጣሰ ይወጣል። ሰዓቱ በባህር ዳር ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ አሁን በጋቸው ስለሆነ ጀርመን 19:00፣ ዋሽንግተን 13:00 ማለት ነው፣ ባለፈው "በ2 ሰዓት" ብቻ ብዬ ግማሹ ሰው ስላለፈው በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍኩት። ምን ጎደለ?

ጋሽ አባይ (ሜሪላንድ)
ልጄ በርታ። ግን እኛ ሰዎች በደንብና በማባረር አልኖርንም፣ ሽማግሌ አለን። ያጠፋውን እንጥራው፣ ይቅርታ ይጠይቅ፣ እሷም ይቅር ትበል፣ ያልፋል። ሰው አባረህ ጠላት ታፈራለህ እንጂ ችግሩ አይቆምም።

ሙኒክ ያለሁት
ዙም እኮ ሪከርድ ሲደረግ ለሁሉም ድምጽ አውጥቶ ይናገራል፣ ሴቲንጉ ላይ ብታጠፉት አለቀ፣ ማንም አይቀዳም። ደግሞ ቅጂውን እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ከጀርባው የባጃጅ ጥሩምባ አለ፣ ስለዚህ የቀዳው ባህር ዳር ያለ ሰው ነው። እዛ ያላችሁት እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ።

እንግዳ ተቀባይ
እኔ ከ2020 ጀምሮ የስደተኛ ሴቶች ስብሰባ በኦንላይን አወያያለሁ፣ ትንሽ ልበል።

ወንድሜ ሙኒክ፣ ዙም የሚናገረው በራሱ በዙም ሲቀዳ ነው። ሌላ ስልክ ስፒከሩ አጠገብ ቢቀመጥ ወይም የስልኩ የራሱ ስክሪን መቅጃ ቢከፈት ዙም ምንም አያውቅም። ሪከርዱን አጥፉት፣ ግን "አይቀዳም" ብላችሁ ለሰው ቃል አትግቡ፣ ያን ቃል አምኖ ነው ሰው የሚናገረው። ጥሩምባውም ማስረጃ አይሆንም። ያን ቀን ማይኩ የተከፈተ ሰው ብዙ ነበር፣ ድምጹ በአንዱ ማይክ ገብቶ ሁላችንም ጋ ተሰምቶ ሊሆን ይችላል፣ ቀጂው ካናዳም ቢሆን ያው ጥሩምባ ይቀዳል። በዚህ ሰው ከተጠረጠረ ሌላ በደል ነው።

ስለዚህ ደንቡ መጀመር ያለበት ከምንናገረው ነው። አወያዩ ሲከፍት እንዲህ ይበል፣ "የኬዛችሁን ዝርዝር፣ የኢንተርቪው ቀን፣ የመጣችሁበትን መንገድ፣ የጠበቃ ስም እዚህ አትናገሩ፣ እሱን ለብቻ እናወራለን።" አንድ ሰው ሆድ ብሶት ወደዛ ሲገባም አወያዩ በትህትና ያቋርጠዋል፣ "እህቴ፣ ይሄን ከስብሰባው በኋላ ደውዬ እሰማሻለሁ" ብሎ። ማቋረጥ ይከብዳል፣ እኔም አንዴ አዝኜ ሳላቋርጥ ቀርቼ እስካሁን ይቆጨኛል።

ነገር ሲፈጠር ደግሞ የሚሠራው በቅደም ተከተል ይታወቅ። ሆስቱ Suspend participant activities የሚለውን ይጫን፣ የሁሉም ድምጽ፣ ምስልና ቻት ባንዴ ይቆማል። አጥፊው ይውጣ፣ Allow removed participants to rejoin የሚለው ቀድሞ መጥፋቱን እዩ፣ አለዚያ ተመልሶ ይገባል። ከዛ ለቤቱ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ "አንድ ሰው ደንብ ጥሶ ወጥቷል፣ እንቀጥላለን"፣ ክርክር አይከፈትም። ከአወያዮቹ አንዱ ለተጎዳው ሰው ወዲያው ይደውል። ማታውኑ ያየነውን ብቻ እንጻፍ፣ የሰማነውን አይደለም። በ3 ቀን ውስጥ ሁለት ሰው ይወስን፣ ከሁለቱም ወገን ዘመድም ጓደኛም ያልሆኑ። ባህር ዳር ሁሉም ሰው ይተዋወቃል፣ እሱን ማግኘት ይከብዳችኋል፣ ስለዚህ ስማቸው ከአሁኑ ይታወቅ።

የጣና ዳር፣ ሆስትነቱን አንተ አትያዝ፣ መብራት ወይ ኔት ቢሄድብህ ቤቱ ያለ ጌታ ይቀራል። መብራት የማይቆረጥበት አገር ያለ ሰው ከፍሎ ይክፈተው፣ በነጻው አካውንት ኮ-ሆስት መሾም አይቻልም፣ 40 ደቂቃ ላይም ይቆርጣል። አንተ ኮ-ሆስት ሆነህ በሩን ያዝ፣ ሰዉን በስም የምታውቀው አንተ ነህ።

ጋሼ፣ ሽምግልናውን እኔም እወደዋለሁ፣ ሁለት ሰው በቃል ሲጣላ ከሱ የተሻለ የለም። ግን ድምጿ የወጣባት ልጅ ሽማግሌ ፊት ስትቀመጥ "ይቅር አልልም" ማለት ትችላለች? አትችልም፣ ሁሉም እያያት ነው። ሽምግልና እሷ ራሷ ከጠየቀች ይሁን። ሰውየው ከስብሰባው መውጣቱ ግን እርቁን አይጠብቅም።

ጋሽ አባይ (ሜሪላንድ)
እውነትሽን ነው፣ እሷ ከጠየቀች ያልሽውን ተቀብያለሁ። ጎረቤቴ ጠበቃ ነው፣ ጠይቄው እዚህ ሜሪላንድ ተናጋሪዎቹ በሙሉ ሳይስማሙ ንግግር መቅዳት ወንጀል ነው አለኝ፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ከተናጋሪዎቹ አንዱ ከተስማማ ይበቃል። ወንዙን ስትሻገር ሕጉ ይለያል።

ሙኒክ ያለሁት
ጥሩምባውን ቸኩዬ ነው የተናገርኩት፣ ባህር ዳር ያላችሁ ይቅርታ። እዚህ ጀርመንም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 201 ላይ ለሕዝብ ያልተነገረ ንግግር ያለፈቃድ መቅዳት ያስቀጣል፣ የተቀዳውን ለሌላ ማሰማትም እንደዛው። ደንቡ ላይ ይግባ፣ ፎርዋርድ ያደረገም እንደቀዳው ይታይ። አካውንቱን እኔ ከፍዬ እከፍታለሁ።

እትዬ የቡ
ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ ባለቤቴን ለማምጣት የጋብቻ ወረቀት አስተርጉሜ ልኬ ነበር፣ ማህተሙ አይታይም ብለው መለሱት። ቅዳሜ ይሄን ብጠይቅ ከስብሰባው ታስወጡኛላችሁ? ፈራሁ።

እንግዳ ተቀባይ
ኧረ እትዬ፣ ማንም አያስወጣሽም። "የወረቀት ማህተም አይታይም ቢሉ ምን ይደረጋል" ብለሽ ጠይቂ፣ ለሁሉም ይጠቅማል። ወረቀቱን ግን ስክሪን ላይ አታሳዪ፣ የፋይል ቁጥርሽንና የባለቤትሽን ስም አትጥሪ። ጥሩ ጠየቅሽ፣ ደንቡ ሰው ዝም እንዲል የተጻፈ እንዳይመስል ይሄው ምሳሌ ይግባበት።

የጣና ዳር (ባህር ዳር)
እሺ፣ ሁሉንም አስገብቻለሁ። ሊንኩም ከእንግዲህ በቻናል አይለጠፍም፣ ለተመዘገበ ሰው ብቻ በግል ይላካል።

አንድ ነገር ግን ቆረጥኩ ማለት አልቻልኩም። በሩ ላይ Galaxy A12 የሚል ስም ሲመጣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ባለፈው ዓይነቱን ሰባት አስገብቻለሁ። እውነተኛ ስማችሁን ጻፉ እንዳልል፣ ኬዝ ያላቸው ልጆች ስማቸው እንዲታይ አይፈልጉም፣ ልክም ናቸው።

እንግዳ ተቀባይ
እኛ ጋ ስክሪን ላይ የፈለጉትን ስም ይጽፋሉ፣ ግን ከአወያዮቹ አንዱ ማን እንደሆኑ ማወቅ አለበት፣ ሲመዘገቡ የነገሩትን ቅጽል ስም ይዘው ይመጣሉ። ዝርዝሩ ወረቀት ላይ ነው፣ ስብሰባው ሲያልቅ ይቀደዳል። አዲስ የመጣና ማንም የማያውቀው ሰው ሲሆን ግን እኛም እስካሁን እንከራከራለን።

የጣና ዳር (ባህር ዳር)
እንግዲህ ለዚህ ቅዳሜ በቅጽል ስም ይሁን፣ ማንም የማያውቀውን ሰው ሐሙስ በስልክ አነጋግሬ ነው የማስገባው። ለእናትየዋም ዛሬ ማታ ሄጄ ደንቡን አነብላቸዋለሁ፣ ልጅቷ ራሷ ትመለስ አትመለስ ገና አልነገረችኝም።