«ቀዳሚ ኖታ» ወይስ «ተደጋፊ ኖታ»?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለልጆች ኪቦርድ አስተምራለሁ። ከትልቁ ኖታ በፊት አነስ ተደርጋ የምትጻፈዋን ኖታ «ቀዳሚ ኖታ» ብዬ ሰይሜ ነበር። አሁን ግን ስሙን የነገርኳቸው ልጆች በሙሉ ከምቱ ቀድመው ይመቷታል። ግራ እጃቸው የሚወርደው እሷ ካለፈች በኋላ ነው። ስሙን ሳይሰሙ በጆሮ የለመዱት ሁለቱ ግን ምቱ ላይ ያሳርፏታል። ስሙ ይሆን ያሳሳታቸው? ምን ልበላት?

የኮምቦልቻዋ፦
«ምራቂ» በያት እህቴ! ጤፍ ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ ባለቤቷ ጭብጥ አድርጋ የምትጨምረው ማለት ነው። ይህችም በልኩ ላይ የተጨመረች ናት።

መሰንቆ ወዳጅ፦
እኔ ሰርግ ላይ ባቲ ስጫወት ጣቴን ገመዱ ላይ አርገበግባለሁ። ኪቦርዱ ላይ ድምፅ የሚያርገበግበው ቁልፍስ አለሽ? እሱን ብትከፍቺው አይሻልም?

የጦሳ ልጅ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ እሱ ሌላ ነው። ቁልፉ አንዱን ድምፅ እዚያው ያወዛውዘዋል። እኔ የምጠይቀው በጣት ስለሚመታ ሁለተኛ ኖታ ነው።

የድሮ መምህር፦
ልጄ፣ «ምራቂ» ደስ የሚል ቃል ነው፤ ግን ሒሳቡ ይለያል። ምራቂ የሚወጣው ከሻጯ ጆንያ ነው፣ የገዢው ልክ አይነካም። ትንሿ ኖታ ግን ጊዜዋን ከሌላ ኖታ ቆርሳ ነው የምትኖረው። ጥያቄው ሁሉ ከማን ትቆርሳለች የሚል ነው። ከፊቷ ካለው ኖታ ከወሰደች ከምቱ በፊት ትመጣለች። ከራሷ ባለቤት ከወሰደች ምቱ ላይ ትወድቃለች።

ጣሊያኖች «አፖጃቱራ» ይሏታል። ቃሉ ከመደገፍ የመጣ ነው። እስቲ ሞክሪው። ግራ እጅሽ ዶ ይምታ። ቀኝሽ ላይ አንድ ምት የሚቆይ ሚ አለ፣ ከፊቱ ትንሽ ፋ ተጽፏል። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርጊው፣ አንድ ምት አንድ ሴኮንድ ይሆናል። ፋን ከዶ ጋር እኩል ምቺና ግማሽ ሴኮንድ ያዢያት። ሚ በቀረው ግማሽ ይገባል። ፋ ከዶ ጋር ትንሽ ትጋጫለች፣ ከዚያ ወደ ሚ ስትወርድ ጆሮ እፎይ ይላል። ዜማው የተደገፈው ያ ግጭት ላይ ነው። ፋን ካስቀደምሻት ዶ የሚገናኘው ከሚ ጋር ነው፤ ግጭቱም እፎይታውም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ እኔ «ተደጋፊ» እላለሁ። «ደጋፊ» አትበይ፣ የምትደገፈው እሷ ናት።

የፒያሳው፦
በአጭሩ ጌጥ ሁሉ ምቱ ላይ ነው። የባህ ልጅ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል በ1753 መጽሐፉ ጽፎታል። አለቀ።

የድሮ መምህር፦
ስለ እሱ ልክ ነህ። ግን የዋሽንት መምህሩ ኳንትስ ከዓመት በፊት፣ በ1752፣ ከምቱ በፊት የሚያልፉም እንዳሉ ጽፏል። ዜማው አንድ አንድ ኖታ እየዘለለ ሲወርድ መሀሉን የሚሞሉትን ማለቱ ነው። ሁለቱም የአንድ ንጉሥ ሙዚቀኞች ነበሩ፣ በዚህ ግን አልተስማሙም። ስለዚህ «ጌጥ ሁሉ» አይባልም። ጭራዋ ላይ ጭረት ያለባት አጭሯ ደግሞ እስከ ዛሬ ታከራክራለች። በኋለኛው ዘመን ሙዚቃ ብዙዎች ያስቀድሟታል።

የጦሳ ልጅ፦
ሞርደንት የሚባለው ጌጥስ ጋሼ?

የድሮ መምህር፦
«ንክሻ» ነው፣ ቃሉም ያው ነው። ዶ-ሲ-ዶ ስትይ ግራ እጅ ከመጀመሪያው ዶ ጋር ይወርዳል። ልጆች የሚሳሳቱት ግራ እጅን ለመጨረሻው ዶ ሲያቆዩት ነው። በስልክ ቅጂውና ሜትሮኖሙ ከየትኛው ኖታ ጋር እንደተደረበ አዳምጪ። ከሦስተኛው ጋር ከሆነ ንክሻው ቀድሟል።

ሁለት ኖታ የሚመላለሱበት ትሪል ሲሆን ለጀማሪ ምቱን አራት እኩል ክፈዪለት፦ ሬ-ዶ-ሬ-ዶ። የባህ ዘመን ሙዚቃ ከሆነ ከላይኛው ኖታ ይጀመራል። ፒያኖ ተጫዋቹ ሁመል በ1828 ከዋናው ይጀመር ብሏል። ልጁ አራቱን ማድረስ ካቃተው የሚቀጥለው ምት ይዘገያል። ያኔ ፍጥነቱን ቀንሺ እንጂ ምቱን አታስረዝሚለት።

የደብር ልጅ፦
ትሪልን ለምን «ርክርክ» አንለውም? የያሬድ ምልክት አለን እኮ።

የድሮ መምህር፦
አስቤው አውቃለሁ። ግን ርክርክ በነጠብጣብ ተጽፎ ድምፁ እየተንከባለለ ሲወርድ ነው የምሰማው። ትሪል ሁለት ኖታ ላይ ይመላለሳል እንጂ አይወርድም።

የደብር ልጅ፦
የእኔ መሪጌታ ሲያዜሙት ሁልጊዜ አይወርድም። ቅዳሜ ጠይቄ እመለሳለሁ።

የጦሳ ልጅ፦
እሺ፣ እስከዚያ «ትሪል» ብዬ አቆየዋለሁ። «ቀዳሚ»ን ግን ዛሬ ከሰሌዳው አጠፋሁት። አንዱ ልጅ «ተደጋፊ» ስለው ፋን ከግራ እጁ ጋር አሳረፋትና «ቲቸር፣ ይሄ ልክ ነው? ተጋጨብኝ እኮ» አለኝ።