በየቀኑ ስኒ የምታስነብብ ደንበኛ፦ ትከልከል ወይስ ይነበብላት?

ጠያቂዋ፣ ከሽምብጥ፦ «ቤቴ ቡና አፍልቼ ስኒ አነባለሁ፤ ለአንድ ስኒ 100 ብር እቀበላለሁ። አንዲት ደንበኛዬ ወደ ጎንደር ልዛወር ወይስ ባሕር ዳር ልቅር እያለች 19 ቀን ሙሉ በየቀኑ መጥታለች። ለመሥሪያ ቤቷ መልስ የምትሰጥበት ቀን ሊደርስ 11 ቀን ብቻ ነው የቀረው። አሁን አሁን ደግሞ አለቃዋን ዛሬ ታናግረው እንደሆነ ሳይቀር በስኒው ትጠይቀኛለች። ልከልክላት ወይስ ማንበቤን ልቀጥል?»

የዘጌ ጀልባ ነጂ፦ እህቴ፣ ነገሩን ያወሳሰብሽው አንቺ ነሽ። ዛሬ መንገድ ታየኝ፣ ነገ ቋጠሮ ታየኝ የምትያት ከሆነ ልጅቷ በምን ትወስናለች? መንገደኛ ጀልባ ላይ ወጥቶ ልውረድ ልቆይ ሲል ሞተሩን አስነሥቼ እሄዳለሁ እንጂ አብሬው አላመነታም። አንድ ቀን ቁርጡን ንገሪያትና ስኒውን እጠቢው።

ጡረተኛ መምህር፦ በእኔ አስተያየት ጥያቄው ከመነሻው ተሳስቷል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ጥንቆላን በግልጽ የከለከለ ስለሆነ፣ በየቀኑም ሆነ በዓመት አንድ ጊዜ ቢነበብ ልዩነት የለውም። ልጅቷ የንስሐ አባት ካሏት ወደ እርሳቸው ትሂድ፤ ጠያቂዋም ጀበናውን ለቡና ብቻ ትጠቀምበት።

ጠያቂዋ፦ መምህር፣ ምክርዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ። ነገር ግን ዛሬ ብዘጋባት ነገ ሌላ ቤት እንደምትሄድ ስለማውቅ ነው የጠየቅሁት።

የድባንቄዋ ስኒ አንባቢ፦ እኔ ስኒ ማንበብ የተማርሁት ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ ነው። እዚያ ቡናው እንደ ዱቄት ደቆ ከነዝቃጩ ስለሚቀዳ ስኒው ላይ የሚቀረው ብዙ ነው። የእኛ የጀበና ቡና ግን ሰክኖ ስለሚቀዳ፣ አንዳንድ ቀን ስኒው ጥርት ብሎ ይወጣል። እንዲህ ያለው ቀን ሲገጥምሽ ደንበኛሽን ልብ ብለሽ እያት። «ምንም የለም» ስትያት ደንግጣ ሌላ ስኒ ቅጅልኝ ካለች፣ የምትፈልገው ንባቡን ሳይሆን ቀኑን የምታሳልፍበት ፈቃድ ነው።

የጀልባው ወንድማችን ግማሹን አግኝቶታል፤ የተለያየ ነገር መስማቷ እንደሚጎዳት እውነት ነው። ይሁን እንጂ ስኒውን አንድ ዓይነት ነገር ማናገር አይቻልም። ዝቃጩ የሚሳለው እንደ ቡናው ውፍረት፣ ስኒው እንደተገለበጠበት ፍጥነትና ተደፍቶ እንደቆየበት ጊዜ ስለሆነ፣ 19 ስኒ 19 መልክ ይዞ ይመጣል። ቁርጥ ያለ መልስ ብትሰጫትም በማግስቱ «የትናንቱ አሁንም እንዳለ ነው?» ብላ መምጣቷ አይቀርም፤ ጎንደር ሄዳ ቢከፋት ደግሞ የላክሻት አንቺ ትሆኛለሽ።

ከዓመታት በፊት አንዲት ደንበኛዬን በአንድ ቀን ውሳኔ በሬን ዘጋሁባት። ሌላ አንባቢ ዘንድ ሄደች፣ ከዚያም ሦስተኛ ዘንድ፤ በመጨረሻ የጣት ቀለበቷን መሸጧን ሰማሁ። ስለዚህ ቀጥሎ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቁን ለወንድሙ ይሽጥ አይሽጥ እንደሆነ ዘጠኝ ቀን በተከታታይ ሲመላለስብኝ፣ በዐሥረኛው ቀን ስኒውን ሳልገለብጥ ያለፉትን ንባቦች እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። ከዘጠኙ ያስታወሰው ሁለቱን ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ያስፈሩት ናቸው። ቀጥዬ «ዛሬ ምን ቢወጣልህ ደስ ይልሃል?» አልሁት። «መንገድ ቢወጣ እሸጥ ነበር» አለኝ፤ አፉ ካለ በኋላ እኔ ምን ልጨምርበት?

ከዚያ ወዲህ በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለተኛ ስኒ የምገለብጥለት በጉዳዩ ላይ አዲስ ነገር ከተፈጠረ ብቻ እንደሆነ ነገርሁት፤ ለምሳሌ ወንድሙ ዋጋ ከጨመረ ወይም ሐሳቡን ከቀየረ። እንደ ደንበኛሽ አለቃን ማናገር ያለውን ትንሽ ነገር በስኒ አላይም አልሁ። ሆኖም ጨርሼ አላባረርሁትም፤ በየሦስት ቀኑ መጥቶ ያለ ክፍያ ቡና ይጠጣል፣ ስኒው ግን አይገለበጥም። ኋላ በሳምንት አደረግሁት። በአምስተኛው ሳምንት ሱቁን ሸጠ። መሸጡ ይበጀው አይበጀው እስካሁን አላውቅም።

የግሽ አባይ ነዋሪ፦ ጥያቄውን በስልኬ ሳየው ንባብ የሚለውን የደም ግፊት ልኬት መስሎኝ ነበር። እናቴ መለኪያ ከገዛንላት ወዲህ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ትለካ ነበር፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ትደነግጣለች፣ ስትደነግጥ ይብስ ከፍ ይላል። ሐኪሙ ጠዋትና ማታ ብቻ ተለክቶ ደብተር ላይ ይጻፍ ሲል፣ መለኪያውን እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁት። ከጉዳዩ ወጥቼ ከሆነ ይቅርታ፤ እናቴ ግን ሳምንቱን ሙሉ አኩርፋኝ ነበር።

አንዲት ነርስ፦ አልወጡም፤ ልማዱ አንድ ነው። እኔ ጠያቂዋን የምጠይቃት ሌላ ነገር ነው፦ ልጅቷ ተነቦላት ከወጣች በኋላ ልቧ የሚያርፈው ለስንት ሰዓት ነው? መጀመሪያ ሁለት ቀን የነበረው ወደ ግማሽ ቀን ከወረደ፣ ንባቡ ራሱ ጭንቀቱን እያጠበቀው ነው። ደግሞም የምታመነታው በዝውውሩ ብቻ ነው ወይስ በምትበላውና በምትለብሰውም ጭምር? እንቅልፏስ? ቤት ውስጥ እንዳትወስን የሚያስፈራራት ሰው አለ? መኖር ሰለቸኝ የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ግን ቀጠሮ ማራዘም የለም፤ በዚያው ዕለት ከቤተሰብ ሰው ጋር ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል መሄድ አለባት።

በነፃ ቡናው ላይ ግን ከእትዬ ጋር አልስማማም። ክፍያው ሲቀር ደንበኝነቱ ወደ ዘመድነት ይለወጥና ልጅቷ ከስኒው ተላቃ በአንባቢዋ ላይ ትደገፋለች።

የድባንቄዋ ስኒ አንባቢ፦ በሰው መደገፍ በዝቃጭ ከመደገፍ ይሻላል፣ ልጄ። ሰው ቢያንስ መልሶ ይጠይቃል።

የዘጌ ጀልባ ነጂ፦ እሺ፣ የቁርጡን ነገር ተውሁት። ገንዘቡስ? 19 ቀን በ100 ብር 1,900 ብር ነው። እንደሚጎዳት ካወቀች በኋላ የተቀበለችውን ልትመልስላት አይገባም?

የድባንቄዋ ስኒ አንባቢ፦ የመጀመሪያው ስኒ በአግባቡ የተሠራበት ነው። ልብ ካለችበት ቀን ወዲህ ያለውን ብትመልስ ደስ ይለኛል፤ ግዴታ ነው ግን አልልም።

ጡረተኛ መምህር፦ እኔ ሁሉም ይመለስ እላለሁ።

ጠያቂዋ፦ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጣች። ስኒውን ከመገልበጧ በፊት እጇን ያዝ አድርጌ ምን ቢወጣላት እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። እስክትመልስልኝ ድረስ ቡናው ቀዘቀዘ። «መንገድ ቢወጣም ቋጠሮ ቢወጣም እማማን ለማን ጥያት እሄዳለሁ?» አለችኝ። እናቷ አልጋ ላይ መሆናቸውን በ19 ቀን ውስጥ አንድም ጊዜ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ጎንደር ያለው ወንድሟ ሊረዳት ይችል እንደሆነ ዛሬ ማታ ደውላ ትጠይቀዋለች።

ነርሷ እንዳለችው ስጠይቃት እንቅልፏ ደህና እንደሆነ ነገረችኝ፤ ንባቡ የሚያሳርፋት ግን እስከ ማታ ብቻ ነው። ሐሙስ ነይ ብያታለሁ፤ ጀበናውን እጥዳለሁ፣ ስኒው ግን አይገለበጥም። የገንዘቡን ነገር አልወሰንሁም፤ የቤት ኪራይ ከፍዬበታለሁ።