«ተላመዱ» ስንል «ተዋደዱ» ማለታችን ነው?

ብርሃኔ፦ ወላጅ ስላጋባቸው ባልና ሚስት ሲወራ «መጀመሪያ አይተዋወቁም ነበር፣ በኋላ ተላመዱ» ይባላል። ራሳቸው ለተመራረጡት ግን «ተዋደው ተጋቡ» ነው። «መላመድ» ውስጥ ፍቅር አለ ወይስ አብሮ መኖርን ብቻ ነው የሚናገረው?

ዳዊት፦ አለ እንጂ! በጥናት ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1982 በሕንድ ጃይፑር 50 ጥንዶች ተጠይቀው፣ ተዋደው የተጋቡት ፍቅራቸው ከዓመታት ጋር ሲቀዘቅዝ፣ ቤተሰብ ያጋባቸው ደግሞ እየጨመረ ሄዶ በልጧል። መላመድ ዘግይቶ የመጣ ፍቅር ነው።

ጽጌ፦ ያለ ፈቃዷ የተዳረችም «ትላመዳለች» ልትሉ ነው?

ብርሃኔ፦ አይደለም፣ ሁለቱም እሺ ስላሉበት ጋብቻ ነው የጠየቅሁት።

እማዋይሽ፦ ዳዊት፣ ጥናቱስ አለ፤ «ተረጋግጧል» የሚለው ነው የበዛው። እነዚያኑ ጥንዶች ዓመት ከዓመት አልተከታተሉም፤ በቅርብ የተጋቡትን ከቆዩት ጋር ነው ያነጻጸሩት። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የቻይናዋ የቼንግዱ ከተማ ጥናት ደግሞ ያገቡ ሴቶችን ጠይቆ፣ ራሳቸው የመረጡት አዲስም ሆነ የቆየ ትዳር ውስጥ ሆነው ይበልጥ እንደረኩ አገኘ። እርግጥ እርካታና ፍቅር አንድ አይደሉም።

ወደ ቃሉ ስመለስ፣ ሰው ሕመምንም ይለምዳል። ስለዚህ እኔ የምሰማው ግሡን ነው። «ተላመድን» ያለች ሴት ሁለቱም እንደተለወጡ ትናገራለች፤ «ለመድኩት» ካለች ግን የተለወጠችው እሷ ብቻ ልትሆን ትችላለች። ፍቅር በኋላ ይመጣል ብሎ የገባ ሰው ችግሩ ይኸው ነው፤ እየጠበቀ ሳለ እንደቀረ አያውቅም።

ሶስና፦ እኛን ያስተዋወቀን ቤተሰብ ነው፤ እምቢ ማለት ይቻል ነበር። ፍቅር ገና ስላልጠበቅን ከመጀመሪያው ስለ ገንዘብ፣ ስለ ልጅ፣ ወላጅን ማን እንደሚጦር ሳናፍር ተነጋገርን። ተዋደው የተጋቡ ጓደኞቼ ይህን ያነሱት ከሠርግ በኋላ ነው፤ ቀድሞ መጠየቅ አለማመን ይመስላቸው ነበር። የቀናሁባቸው በሌላ ነው። አንዷን ባሏ «አንቺን ነው የመረጥኩት» ይላታል። የእኔ ባል ይህን ለማለት ስንት ዓመት ፈጀበት! እምቢታውም ቢሆን ወላጆቻችን ገና ሳንገናኝ ደስ ብሏቸው ስለነበር የምናወራውን ያህል ቀላል አልነበረም።

ብርሃኔ፦ አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ቤተሰብ ላጋባቸው «ተላመዱ» ምስጋና ነው። ተዋደው የተጋቡት «አሁንማ ተላምደናል» ሲሉ ግን ቅሬታ ይመስላል።

እማዋይሽ፦ የጠበቁት ስለሚለያይ ነዋ። በፍቅር የጀመረው ሰው ልቡ እንደ ድሮው አልመታም ሲል ትዳሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ሌላው ያንኑ ዕርጋታ ሲያገኝ ደረስኩ ይላል።

ዳዊት፦ እኔ አሁንም ፍቅር ነው እላለሁ። ቅሬታው ከቃሉ ሳይሆን ከተናጋሪው ድምፅ ነው።

ሶስና፦ «አሁንማ» ላይ ያለችውን «ማ» አውጣትና እንደገና ስማው።