ጉዳዩ፦ ለተማሪ ፊልም የቀረጻ ቦታና ድጋፍ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የዳቦ ቤቱ ባለቤት
ደሴ

የመመረቂያ አጭር ፊልሜን በዳይሬክተርነት በማዘጋጀት ላይ የምገኝ ተማሪ ስሆን፣ ለቀረጻ ተስማምቼበት የነበረው ቤት በመጨረሻው ሰዓት ስለተከለከለኝ፣ ፒያሳ የሚገኘውን ዳቦ ቤትዎን ለሁለት ሌሊት እንዲፈቅዱልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ታሪኩ ሌሊት ዳቦ ስለሚጋግሩ እናትና ልጅ በመሆኑ፣ ምድጃው ከባንኮኒው ጀርባ የሚታይ እንደ እርስዎ ያለ ቤት ማግኘት ተቸግሬያለሁ።

ቤቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲዘጋ ገብተን፣ ሠራተኞችዎ ሊጥ ማቡካት ከሚጀምሩበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት እንወጣለን። የማቀዝቀዣው ድምፅ ከተዋንያኑ ንግግር ጋር አብሮ ከተቀዳ በኋላ ለይቶ ማውጣት ስለሚያስቸግር፣ በየቀረጻው ለጥቂት ደቂቃ እንድናጠፋው ይፈቀድልን፤ መልሶ ማብራቱ እንዳይረሳ ለዚሁ ብቻ አንድ ሰው እመድባለሁ። ዕቃ ከማንሳታችን በፊት ፎቶ አንስተን እንደነበረ እንመልሳለን፤ ለሚሰበረውም ኃላፊነት የምወስድበትን ውል እፈርማለሁ።

ድጋፉ በገንዘብ ባይመችዎ፣ ለስምንታችን የሁለቱ ሌሊት ዳቦና ሻይ ብቻ እንኳ ከባድ ወጪ ያቀልልኛል። የቤቱን ስም በፊልሙ መጨረሻ በምስጋና አሰፍራለሁ፤ ታፔላውም በአንድ ትዕይንት ይታያል። ከዚህ ያለፈ ማስታወቂያ ግን ቃል ልገባልዎ አልችልም።

ፈቃድዎ ከሆነ፣ በሚመችዎ ቀን ስክሪፕቱን ይዤ ቀርቤ አስረዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር