ቦርዱን ለማሠራት ከመላኬ በፊት ስኬማቲኩ ላይ ምን ልፈትሽ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቆቦ ላይ ላለ የመስኖ ጉድጓድ የፓምፕ መቆጣጠሪያ ቦርድ KiCad ላይ ሠርቼ ጨርሻለሁ። ታንከሩ ሲሞላ ተንሳፋፊው ማብሪያ ለ ESP32-WROOM-32 ምልክት ይሰጣል፤ እሱ ደግሞ በ ULN2003 በኩል የ12 ቮልት ሪሌዩን አጥፍቶ የፓምፑን ኮንታክተር ያስለቅቃል። ከ12 ቮልት አዳፕተር ወደ 5 በስቴፕ ዳውን ሞጁል፣ ከ5 ወደ 3.3 በ AMS1117-3.3 ነው የማወርደው። ብሬድቦርድ ላይ በዴቭኪት ሞክሬው ሠርቷል። ERC ዜሮ ስህተት ይላል። ውጭ አሠርቼ እስኪደርሰኝ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ተሳስቼ እንደገና መላክ አልፈልግም። ከመላኬ በፊት በተለይ ምኑን ልይ?

ጦሳ (ደሴ)፦
ወንድሜ፣ ዜሮ የሚለውን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ሁለት ነገር ንገረኝ። PWR_FLAG የትኞቹ መስመሮች ላይ አድርገሃል? የ X ምልክትስ የትኞቹ ፒኖች ላይ አድርገሃል? ሁለቱም ERCን ዝም የማሰኛ መንገዶች ናቸው። እኔ የሰው ስኬማቲክ ሳይ የምጀምረው ከነሱ ነው፤ ስህተት ካለ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሠሪው ዝም ባሰኘው ቦታ ነው።

ከዚያ ኔትሊስቱን አውጣና በ3.3 ቮልት መስመር ላይ ያሉትን ፒኖች ጻፍልኝ።

```
kicad-cli sch export netlist -o pompa.net pompa.kicad_sch
```

ሥዕሉን ዓይን ይለምደዋል፤ ኔትሊስቱ ግን ምን ከምን እንደተገናኘ ያለ ምንም ሥዕል ይነግርሃል።

አርዲቦ (ሐይቅ)፦
ከፓወር በኩል አንድ ልጨምር። የሬጉሌተሩን ሰፊ ጀርባ ከግራውንዱ ሰፊ መዳብ ጋር አገናኘው፤ ሙቀቱን ይጠጣዋል። 7805 ላይ ሁሌም እንዲህ ነው የማደርገው፣ አንድም ጊዜ ግሎብኝ አያውቅም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
አመሰግናለሁ ጦሳ። PWR_FLAG ያደረግሁት በ12 ቮልቱ፣ በግራውንዱ እና በ3V3 ላይ ነው። 3V3 ላይ ያደረግሁት «ፓወር ፒኑን የሚነዳው የለም» የሚል ስህተት ስላመጣብኝ ነው። X ያደረግሁት በማልጠቀምባቸው ጂፒአይኦዎች፣ በ ESP32 EN እና በ ULN2003 COM ላይ ነው። ኔትሊስቱ ይኸው፦

```
+3V3 : U2.2  C3.1  C4.1  J3.1
3V3  : U1.2  C5.1  C6.1
```

U1 ሞጁሉ ነው፣ U2 ሬጉሌተሩ፣ J3 የፕሮግራም መጫኛው ሄደር።

አርዲቦ፣ ጀርባውን በግራውንድ አስተካክለዋለሁ።

ጦሳ (ደሴ)፦
ቆይ፣ ጀርባውን እንዳትነካው! 7805 ላይ አርዲቦ ያለው ልክ ነው፤ የዚያ ጀርባ ግራውንድ ነው። የ AMS1117 ጀርባ ግን ከመካከለኛው እግር ጋር አንድ ነው፣ ማለትም መውጫው 3.3 ቮልት ነው። ግራውንድ ላይ ብታሳርፈው መውጫውን ሾርት አደረግኸው ማለት ነው። ሙቀቱን ለመበተን መዳቡን አስፋው፤ ግን የ3.3 ቮልቱን መዳብ። KiCad ውስጥ `SOT-223-3_TabPin2` የሚለውን ፉትፕሪንት ምረጥ፤ ሰፊው ፓድ ራሱ ቁጥር 2 ስለሆነ ከመውጫው ጋር ያለ ተጨማሪ ሥራ ይገናኛል። ከሌላ ቦታ ያወረድኸው ከሆነ ሰፊው ፓድ 4 ተብሎ ሊሆን ይችላል፤ ስኬማቲኩ ላይ አራተኛ ፒን ከሌለ ያ ፓድ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

አሁን ወደ ኔትሊስቱ። +3V3 እና 3V3 ለኛ ዓይን አንድ ናቸው፤ ለ KiCad ግን ሁለት የተለያዩ መስመሮች ናቸው። አንዱን በፓወር ምልክት አስገብተሃል፣ ሌላውን በሌብል ጽፈሃል መሰለኝ። U2.2 ያለው በመጀመሪያው ላይ ነው፣ ሞጁልህ U1.2 ግን በሁለተኛው። ቦርዱ እንዲህ ተሠርቶ ቢመጣ ሬጉሌተሩ ላይ ስትለካ 3.3 ታገኛለህ፣ ሞጁሉ ግን ኃይል የሚባል አይደርሰውም።

ERC ይህን ነግሮህ ነበር። የሬጉሌተሩ መውጫ ፒን «ፓወር ሰጪ» ተብሎ የተመዘገበ ስለሆነ እውነተኛው የ3.3 መስመር PWR_FLAG አያስፈልገውም። 12 ቮልቱ ከኮኔክተር ስለሚመጣና ኮኔክተር ደግሞ ምንም የማይናገር ተራ ፒን ስለሆነ እዚያ ላይ ማድረግህ ትክክል ነው፤ ግራውንዱም እንደዚያው። ስለዚህ ባንዲራውን የምታደርገው ኃይል ከውጭ በሚገባበት ላይ ብቻ ይሁን። ሬጉሌተር ሊነዳው የሚገባ መስመር ባንዲራ ከጠየቀህ ሬጉሌተሩ እዚያ አልደረሰም ማለት ነው፤ ሽቦውን ፈልግ።

አሁን የ3V3ን ባንዲራ አጥፋው፣ ሌብሉን በፓወር ምልክቱ ተካው፣ ከዚያ ኔትሊስቱን እንደገና አውጣ። አንድ መስመር ብቻ መቅረት አለበት።

ሬዲዮ ጠጋኝ (ወልድያ)፦
ልጆች፣ ስለ ፉትፕሪንት የራሴን ልንገራችሁ። በ BC547 ተሥሎ የተሠራ የማጉያ ቦርድ አንድ ልጅ አመጣልኝ። ገበያ ላይ ያገኘው C945 ነበር፤ ቀዳዳው ልክ ገጠመ፣ ድምፅ ግን የለም። BC547 ጠፍጣፋ ፊቱን ወዳንተ አድርገህ እግሩ ወደ ታች ሲሆን ከግራ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው። C945 ደግሞ ኤሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ። እግሩን አጣምሜ አዙሬ ሠራሁለት። ስለዚህ ቀዳዳ ገጠመ ማለት እግር ገጠመ ማለት አይደለም። መጀመሪያ እዚህ ገበያ የሚገኘውን እወቁ፣ ከዚያ ሣሉ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ቦርድ ላይ ትራንዚስተር የለም፣ ግን የ AMS1117ን እግር ከዳታሺቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሬዋለሁ፤ 1 ግራውንድ፣ 2 መውጫ፣ 3 መግቢያ።

ጦሳ፣ ሁለቱን 3V3 አንድ አደረግሁ፤ ባንዲራውን ሳጠፋው ERC ምንም አላለም። EN እና COM ላይ ያደረግሁት X ግን ለምን ችግር ይሆናል? ብሬድቦርዱ ላይ EN ምንም አልተገናኘም ነበር፣ ግን ይሠራ ነበር።

ጦሳ (ደሴ)፦
ብሬድቦርዱ ላይ የሞከርኸው ዴቭኪት ነው። EN ን ወደ 3.3 የሚጎትተው ሬዚስተር እሱ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው። ባዶው ሞጁል ላይ ግን የለም፤ EN አየር ላይ ከቀረ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አይነሳም፣ እጅህን ስታስጠጋው ራሱን ሪሴት ያደርጋል። 10 ኪሎ ኦም ወደ 3.3፣ 1 ማይክሮ ፋራድ ወደ ግራውንድ አድርግለት። IO0 ንም ሄደሩ ላይ አውጣው፤ ፕሮግራም ስትጭን ወደ ግራውንድ መያዝ አለብህ።

የ ULN2003 COM፣ ፒን 9 ማለት ነው፣ ከሪሌዩ 12 ቮልት ጋር ይገናኛል። ሪሌዩ ሲጠፋ ጥቅልሉ የሚመልሰውን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚቀበሉት ዳዮዶች በዚያ ፒን በኩል ነው የሚሠሩት። X ካደረግህበት ዳዮዶቹ እያሉ እንደሌሉ ናቸው። መጀመሪያ ቀን ላይ ሁሉ ደህና ይመስላል፣ ከቆየ በኋላ ቺፑ ይሞታል ወይም ሪሌዩ በጠፋ ቁጥር ESP32 ይደነብራል።

አሁን አንተ ያልነገርኸኝን ልጠይቅህ። ተንሳፋፊው ማብሪያ የገባው በየትኛው ፒን ነው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
በ IO34። አንዱ ጫፍ ወደ ፒኑ፣ ሌላው ወደ ግራውንድ። ኮዱ ላይ INPUT_PULLUP አድርጌዋለሁ።

አርዲቦ (ሐይቅ)፦
እሱ ችግር የለውም፣ ESP32 ውስጡ ፑልአፕ አለው። ስለ ሬጉሌተሩ ግን ጦሳ ልክ ነው፣ የ1117ን ዳታሺት አሁን አየሁት።

ጦሳ (ደሴ)፦
አርዲቦ፣ አብዛኞቹ ፒኖች አላቸው፤ ከ34 እስከ 39 ያሉት ግን መግቢያ ብቻ ናቸው፣ ውስጣዊ ፑልአፕም ፑልዳውንም የላቸውም። ኮዱ ላይ ብትጽፈውም ምንም አይፈጠርም። ማብሪያው ሲከፈት ፒኑ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ታንከሩ ሞልቷል አልሞላም የሚለው በዕድል ይሆናል። ERC ይህን ሊያይ አይችልም፣ ምክንያቱም ለሱ ሽቦ እስካለ ድረስ ፒኑ ተገናኝቷል። ተንጠልጣይ ፒን ስትፈልግ ምንም ሽቦ የሌለውን ብቻ አትፈልግ፤ ማብሪያው ሲከፈት ወይም ኮኔክተሩ ሲነቀል ይህን ፒን ማን ይይዘዋል ብለህ በእያንዳንዱ መግቢያ ላይ ጠይቅ።

እዚህ ላይ ከፒኑ ወደ 3.3 የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርግ። ሽቦው እስከ ታንከሩ ረጅም ከሆነ ከኮኔክተሩ ወደ ፒኑ 1 ኪሎ ኦም በተከታታይ፣ ፒኑ ጋ 100 ናኖ ፋራድ ወደ ግራውንድ ጨምርበት። ሽቦው ከፓምፑ ገመድ ጎን ከሄደ ብዙ ጩኸት ይሰበስባል።

ራያ ገበሬ (ቆቦ)፦
እኛም ጉድጓድ ላይ ይሄ ያስፈልገናል። አንድ ፌዝ ሲቀር ፓምፑን ያቆማል ወይ? ባለፈው ሞተራችን የተቃጠለው በዚያ ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
አብሽር ወንድሜ። ይሄ ቦርድ ውኃውን ብቻ ነው የሚያየው፣ ፌዝ አያይም። ለዚያ ኮንታክተሩ ሳጥን ውስጥ የሚገባ የፌዝ መጠበቂያ ሪሌይ ለብቻው አለ፤ የሱ መገናኛ ከኔ ሪሌይ ጋር በተከታታይ ይያያዛል።

ጦሳ፣ የቀረው ፉትፕሪንት ነው። ሪሌዩ፣ ULN2003ቱ እና የ12 ቮልት መሰኪያው እጄ ላይ ናቸው።

ጦሳ (ደሴ)፦
እጅህ ላይ ካሉማ ቀላል ነው። ቦርዱን በወረቀት በ1፡1 አትመው። አታሚው «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለውን እንዳይጠቀም ተጠንቀቅ፣ ትንሽ ያሳንሰዋል። ለማረጋገጥ የ ULN2003ን አንድ ጎን በማስመሪያ ለካ፤ ከመጀመሪያው እስከ ስምንተኛው ቀዳዳ መሐል ለመሐል 17.78 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከሆነ ወረቀቱን ካርቶን ላይ ለጥፈህ ዕቃዎቹን እያንዳንዳቸው ውጋባቸው። ኮኔክተሮቹ የሽቦ መግቢያ ፊታቸው ወደ ቦርዱ ጠርዝ መዞሩንም እዚያው እይ።

የሬጉሌተሩ መውጫ ላይ የትኛውን ካፓሲተር ነው ያደረግኸው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
22 ማይክሮ ፋራድ ሴራሚክ።

ጦሳ (ደሴ)፦
የ AMS1117 ዳታሺት 22 ማይክሮ ፋራድ ታንታለም ነው የሚለው። ሴራሚክ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ በጣም ትንሽ ስለሆነ መውጫው ሊወዛወዝ ይችላል።

አርዲቦ (ሐይቅ)፦
በዚህ ላይ አልስማማም። እኔ ሁሉንም በሴራሚክ ነው የሠራሁት፣ ኦሲሎስኮፕ ላይም አይቼዋለሁ፣ ቀጥ ያለ ነው።

ጦሳ (ደሴ)፦
ያንተ ቀጥ ብሎ ይሆናል፤ በ1117 ስም የሚሸጠው ግን የብዙ ፋብሪካ ሥራ ነው፣ አንዱ ይታገሣል ሌላው አይታገሥም። ቦርከና ሁለቱም የሚበየዱበት ፓድ ጎን ለጎን ያስቀምጥና የገዛውን ሬጉሌተር ራሱ ለክቶ ይወስን።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ሁለቱንም ፓድ አስገብቻለሁ። ወረቀቱንም አተምሁ፤ 17.78 ልክ ነው፣ ሪሌዩና ULN2003ቱ ገብተዋል። የ12 ቮልት መሰኪያው ግን አልገባም። እግሮቹ ጠፍጣፋ ናቸው፣ ፉትፕሪንቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ደግሞ ክብና ጠባብ። ክቡን ላስፋው ወይስ ሞላላ ላድርገው?

ሬዲዮ ጠጋኝ (ወልድያ)፦
ሞላላ አድርገው ልጄ። ክቡን ካሰፋኸው እግሩ መሐሉ ላይ ይንቀዋለላል፣ ብየዳውም ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ይሰነጠቃል። እግሩን በካሊፐር ለካና በየጎኑ ትንሽ ክፍተት ተውለት፤ ግን የሚያሠሩት ሰዎች የሚቀበሉትን የመጨረሻ ጠባብ ሞላላ ቀዳዳ አስቀድመህ ገጻቸው ላይ እይ።